የጠቀስነው ጥናት ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ነው? ለጆርናል ከመላካችን በፊት ሪፈረንስን ስለመፈተሽ



የዛሬው የጥናት ገጻችን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን አሳጥረው ለጆርናል ለመላክ እየተዘጋጁ ያሉ እህትና ወንድሞችን ይመለከታል። ሪፈረንስ ማጽዳት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኮማውና ነጥቡ፣ የጸሐፊዎቹ ስም አጻጻፍ፣ ቫንኩቨር ነው ወይስ ኤፒኤ የሚለው ነገር ነው። ይህን ሶፍትዌሩ ይሠራልናል። ለብቻው የማይሠራልን ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ፦ የጠቀስነው ጥናት እኛ ካነበብነው በኋላ ምን ደረሰበት?

ጥያቄው እኛን በተለየ ሁኔታ የሚነካን በጊዜው ርዝመት ምክንያት ነው። አንድ የማስተርስ ተማሪ ጽሑፎችን የሚያነበው በአብዛኛው ፕሮፖዛል ሲጽፍ ነው። ከዚያ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ መረጃ መሰብሰብ፣ ትንተና፣ ዲፌንስ እያለ ይቀጥላል። ከዲፌንስ በኋላም ሥራ ፍለጋው አለ። ጽሑፉ ለጆርናል የሚላክበት ቀን ሲደርስ ከመጀመሪያው ንባብ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት አልፏል። በዚህ መሐል ከጠቀስናቸው ጥናቶች አንዱ ተሽሮ ወይም ታርሞ ሊሆን ይችላል። በፍላሽ ያስቀመጥነው ፒዲኤፍ ግን ይህን አያውቅም፤ ባወረድንበት ቀን እንደነበረ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ10,000 በላይ ጽሑፎች ተሽረዋል፤ ከእነዚህም ከ8,000 በላይ የሚሆኑት ሂንዳዊ በሚባለው አሳታሚ ሥር የወጡ ነበሩ። ከዚያ ዓመት በፊት ፕሮፖዛሉን የጻፈ ሰው ከእነዚያ ጽሑፎች አንዱን ሳያውቅ ይዞት ሊዞር ይችላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ፤ እንደ ቃሉ እኛ የምንወስደውም እርምጃ ይለያያልና። ሪትራክሽን ወይም መሻር ማለት ጆርናሉ «ይህን ጽሑፍ ከእንግዲህ እንደ ማስረጃ አትያዙት» ብሎ በይፋ ሲያሳውቅ ነው። ጽሑፉ ከድረ ገጹ አይጠፋም፤ ምልክት ይደረግበትና ምክንያቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ ለብቻው ይታተማል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም፤ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው የስሌት ግድፈት አግኝተው የሚያስሽሩበት ጊዜ አለ። እርማት የሚባለው ደግሞ ጽሑፉ እንደጸና ሆኖ አንድ ቁጥር፣ ሰንጠረዥ ወይም ስም ሲስተካከል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የስጋት መግለጫ ጆርናሉ ጥርጣሬ አድሮበት ምርመራው ግን ገና ሳያልቅ ሲቀር የሚያወጣው ነው። አራተኛ ዓይነትም አለ፤ ጽሑፉ ይሻርና በዚያው ቀን ታርሞ እንደገና ይታተማል። ይህኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ቆየት ብለን እናየዋለን።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። በኮክሬን ክለሳዎች ርዕስ ላይ `WITHDRAWN` የሚል ቃል ብታዩ አትደንግጡ። እዚያ ቤት ቃሉ ብዙውን ጊዜ ክለሳው ጊዜው አልፎበታል፣ ወይም በሌላ ተተክቷል ማለት ነው። ለማንኛውም ምክንያቱን ከገጹ ላይ አንብቡ።

አሁን ወደ ምሳሌው እንግባ። በአንድ ከተማ የሚኖሩ አዋቂዎች ላይ የደም ግፊትን ስርጭት ያጠና፣ 45 ሪፈረንስ ያለው ረቂቅ በእጃችን አለ እንበል። ረቂቁ በምናብ የቀረበ ነው፤ በውስጡ የምንጠቅሳቸው ሁለት የውጭ ጥናቶች ግን እውነተኛ ናቸው።

ፍተሻው የሚጀምረው ከዲኦአይ ነው። ዲኦአይ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የሚሰጠው ቋሚ መለያ ቁጥር ነው፤ የትኛውም መፈተሻ ጽሑፉን የሚለየው በእሱ ወይም በፐብሜድ ቁጥሩ ነው። ሪፈረንሱን በእጃችን ከጻፍነው፣ ወይም ከሌላ ሰው ቴሲስ ላይ ከገለበጥነው፣ ዲኦአዩ ወይ የለም ወይ ተበላሽቷል። ለምሳሌ ላንሴት ጆርናል በዲኦአዩ ውስጥ ቅንፍ ይጠቀማል። ቅንፉ በኮፒ ጊዜ ሲቆረጥ ቁጥሩ ከምንም ጋር አይገጥምም፤ መፈተሻውም ዝም ይላል። ዝምታውን «ንጹሕ ነው» ብለን እንተረጉመዋለን። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ 45ቱንም እያንዳንዳቸውን ከፍቶ ዲኦአያቸው በትክክል ወደ ጽሑፉ ገጽ መውሰዱን ማየት ነው። አሰልቺ ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል። ግን በዚያው ገጹን ስለምትከፍቱ ግማሹ ፍተሻ አብሮ ያልቃል።

ዲኦአዮቹ ከተሟሉ በኋላ ዞቴሮ የሚባለውን ነፃ የሪፈረንስ ሶፍትዌር መጠቀም ጥሩ ነው። ዞቴሮ ከ2019 ጀምሮ የተሻሩ ጽሑፎችን ከሚመዘግበው የሪትራክሽን ዋች የመረጃ ቋት ጋር ተያይዟል። በቤተ መጻሕፍታችሁ ውስጥ የተሻረ ጽሑፍ ካለ ቀይ ምልክት ያደርግበታል፤ ስትከፍቱትም ከላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይታያል። በዎርድ ውስጥ ልትጠቅሱት ስትሞክሩም እርግጠኛ መሆናችሁን ይጠይቃችኋል። ሌላ ሶፍትዌር የምትጠቀሙም ብትሆኑ ዝርዝሩን አውጥታችሁ ለዚህ ሥራ ብቻ ወደ ዞቴሮ ማስገባት ይቻላል። ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት፤ የድሮውን ላፕቶፕ ያለ ዋይፋይ ከፍታችሁ ቀይ ምልክት ብትጠብቁ አዲሱ መረጃ አይደርሳችሁም።

በምሳሌያችን ረቂቅ ላይ ዞቴሮ ሁለት ጽሑፎች ላይ ቀይ ምልክት አደረገ። ሁለቱም የወጡት በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ነው። ስመ ጥር ጆርናል ነው፤ ሰው ፍተሻ የሚተወውም እንዲህ ዓይነት ስም ሲያይ ነው።

የመጀመሪያው በግንቦት 1 ቀን 2020 የታተመና በኮቪድ የታመሙ ሰዎችን የልብና የደም ሥር በሽታ፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የሞት መጠን የተመለከተ ነው። ዲኦአዩ `10.1056/NEJMoa2007621` ነው። በሦስት አህጉራት ባሉ 169 ሆስፒታሎች የተኙ 8,910 ሕሙማንን መረጃ ተንትኛለሁ ይል ነበር። መረጃው ሰርጂስፊር ከሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የተገኘ ነው ተባለ። ሌሎች ተመራማሪዎች ጥያቄ ሲያነሱ ግን ጥሬው መረጃ ለገለልተኛ መርማሪ ሊቀርብ አልቻለም፤ ጸሐፊዎቹም ሁሉም ጥሬውን መረጃ እንዳላገኙና ማረጋገጥ እንደማይችሉ ገልጸው ጽሑፉ እንዲሻር ጠየቁ። በሰኔ 4 ቀን 2020 ተሻረ። ከታተመ 34 ቀን መሆኑ ነው። በዚያው ቀን ከዚያው ኩባንያ መረጃ የተሠራውና በላንሴት የወጣው የሃይድሮክሲክሎሮኪን ጥናትም ተሻረ።

እንግዲህ አስቡት። በእነዚያ 34 ቀናት ውስጥ ፒዲኤፉን ያወረደ ሰው እጅ ላይ ያለው ቅጂ ምንም ምልክት የለበትም። ያ ሰው ፎልደሩን ለጓደኛው ሰጥቶት ከሆነ የጓደኛውም እንዲሁ ነው። ጉዳዩ በዓለም ዙሪያ የዜና ርዕስ ሆኖ ሳለ እንኳ ሳይንስ መጽሔት በጥር 2021 እነዚህን ሁለት ጥናቶች ከጠቀሱ ጽሑፎች ውስጥ 200ውን መርምሮ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መሻራቸውን ሳይገልጹ እንደጠቀሷቸው አግኝቷል። ዜና ያልሆነ ጥናት ሲሻር ምን ያህል ሰው እንደሚሰማ ከዚህ መገመት ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያደርጉት ሪፈረንሱን ከዝርዝሩ ሰርዞ ቁጥሩን ማስተካከል ነው። ይህ አይበቃም። መሄድ ያለብን ወደ ዓረፍተ ነገሩ ነው። በረቂቃችን መግቢያ ላይ «የልብና የደም ሥር በሽታ ያለባቸው ሰዎች በኮቪድ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለና ሪፈረንሱ ይሄው ጥናት ነው እንበል። ሐሳቡ ከሌላ ምንጭ ማስረጃ ካለው ያንን አንብበን እንተካለን፤ «አንብበን» የምለው ርዕሱን አይቶ መተካት ሌላ ችግር ስለሚጋብዝ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከዚህ ጥናት የተወሰደ የተለየ ቁጥር ካለበት ግን ቁጥሩም ከጥናቱ ጋር ይውጣ። የተሻረን ጽሑፍ ቁጥር ይዞ ሪፈረንሱን ብቻ መቀየር የሌለ ምንጭ መስጠት ነው።

የተሻረ ጽሑፍ ፈጽሞ አይጠቀስም ማለት አይደለም። ስለ መሻሩ ራሱ የምንጽፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ የወረርሽኙ ጊዜ ጥናቶች ጥራትን ስናነሳ፣ እንጠቅሰዋለን። ያን ጊዜ ግን በጽሑፉም ውስጥ «በኋላ የተሻረው» ብለን እንገልጻለን፤ በሪፈረንስ ዝርዝሩም ከርዕሱ በፊት `RETRACTED` ብለን መጨረሻው ላይ `Retraction in:` በሚል የማስታወቂያውን ቦታ እናስገባለን።

ሁለተኛው ቀይ ምልክት ያረፈው ፕሬዲሜድ በሚባለው የስፔን ጥናት ላይ ነው። በ2013 የታተመ፣ ዲኦአዩ `10.1056/NEJMoa1200303` የሆነ፣ ስለ አመጋገብና ልብ በሽታ በሚጽፍ ሰው ዘንድ በእጅጉ የታወቀ ጥናት ነው። ለልብ በሽታ ተጋላጭነታቸው ከፍ ያለ 7,447 ሰዎች በሦስት ተመደቡ፤ ሁለቱ ምድቦች የሜድትራኒያን አመጋገብን፣ አንዱ ከወይራ ዘይት ሌላው ከለውዝና ከመሰል ፍሬዎች ጋር፣ ሦስተኛው ደግሞ ቅባት የመቀነስ ምክር ተሰጠው። በሁለቱ የሜድትራኒያን ምድቦች የልብ ጥቃት፣ የስትሮክና በልብና በደም ሥር በሽታ ምክንያት የሚመጣ ሞት በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ ተባለ።

ችግሩ የተገኘው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ጆን ካርላይል የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በብዙ ሙከራዎች ውስጥ የተሳታፊዎች የመነሻ መረጃ በዕጣ ምደባ ሊመጣ የሚችል ዓይነት መሆኑን በስታቲስቲክስ ሲመረምሩ ፕሬዲሜድም ጥያቄ ከተነሳባቸው መካከል ሆነ። ተመራማሪዎቹ ወደ መዝገባቸው ተመልሰው ሲያዩ በአንዳንድ ቤቶች ሁለተኛው የቤተሰብ አባል ያለ ዕጣ ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ምድብ መግባቱን፣ ከ11 የጥናት ቦታዎች በአንዱ ደግሞ አንዳንድ ተሳታፊዎች በየግላቸው ዕጣ ሳይወጣላቸው መመደባቸውን አገኙ። በሰኔ 2018 ጽሑፉ ተሻረ፤ በዚያው ጊዜ ስሌቱ እንደገና ተሠርቶ በአዲስ ዲኦአይ፣ `10.1056/NEJMoa1800389`፣ ታተመ።

ቀይ ምልክቱን ብቻ ያየ ሰው «ይህም ተሽሯል» ብሎ ይጥለዋል። ያም ስህተት ነው፤ የታረመው እትም ሙሉ ሕይወት ያለው ጽሑፍ ነው። ውጤቱም ብዙ አልራቀም፤ አንጻራዊው አደጋ በወይራ ዘይቱ ምድብ 0.69፣ በፍሬዎቹ ምድብ 0.72 ሆኖ ወጣ። የምደባ ችግር ሊነካቸው የሚችሉ 1,588 ሰዎች ወጥተው ሲሰላም ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር። የተለወጠው አነጋገሩ ነው። የ2013ቱ መደምደሚያ አመጋገቡ በሽታውን «ቀነሰ» ይል ነበር፤ የ2018ቱ ግን ወደ እነዚያ ምድቦች በተመደቡት ሰዎች ላይ በሽታው ያነሰ ሆኖ መታየቱን ነው የሚገልጸው። ስለዚህ የእኛ ሥራ ሁለት ነው፦ ሪፈረንሱን በአዲሱ መተካት፣ ከዚያም የእኛ ዓረፍተ ነገር አሁንም «ቀነሰ» እያለ ከሆነ እሱን ማለዘብ። ዲኦአዩን ለውጦ ግሡን መተው ግማሽ ሥራ ነው።

እስካሁን ያየናቸው ሁለቱ ቀይ ምልክት ያላቸው ናቸው። እንደኔ አመለካከት ግን ይበልጥ ሊያስጨንቀን የሚገባው ምልክት የሌለው እርማት ነው። ዞቴሮ ስለ ተራ እርማት አያስጠነቅቅም። እሱን ለማግኘት ፐብሜድ ይሻላል። በሪፈረንሶቻችሁ የፐብሜድ ቁጥሮች በአንድ ጊዜ እንዲህ ብላችሁ መፈለግ ትችላላችሁ፦

```
(32356626[pmid] OR 23432189[pmid]) AND
(retracted publication[pt] OR haserratumin)
```

በመጀመሪያው ቅንፍ የእናንተን ቁጥሮች በሙሉ በ`OR` እያያያዛችሁ አስገቡ። የሚመጣላችሁ ዝርዝር የተሻሩትንና እርማት የወጣባቸውን ብቻ ነው። እያንዳንዱን ስትከፍቱ ከርዕሱ በታች `Retraction in` ወይም `Erratum in` የሚል መስመር ወደ ማስታወቂያው ይወስዳችኋል። የስጋት መግለጫ ካለም በዚያው አካባቢ ይጻፋል።

የአገራችን ጆርናሎች ሁሉ ፐብሜድ ውስጥ የሉም፤ በዲኦአይ የማይገኙ የድሮ ጽሑፎችም አሉ። ለእነዚህ አቋራጭ የለም፤ የጆርናሉን ገጽ ከፍቶ ማየት፣ ከዚያም ጽሑፉ ከወጣበት ቀጥሎ ባሉት እትሞች ማውጫ ላይ እርማት የሚል ርዕስ መኖሩን መፈተሽ ነው። በአንዳንድ አሳታሚዎች ገጽና ፒዲኤፍ ላይ `Check for updates` የሚል ትንሽ ቁልፍ አለ። እሱን ስትጫኑ የጽሑፉን የዛሬ ሁኔታ ያሳያችኋል፤ በፍላሽ ባለው የድሮ ፒዲኤፍ ላይም ቢሆን ኢንተርኔት ካለ ይሠራል። ቁልፉ የሌለበት ጽሑፍ ግን ችግር የለበትም ማለት አይደለም፤ አሳታሚው በአገልግሎቱ አይሳተፍ ይሆናል።

እርማት ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር እንየው። በረቂቃችን የናሙና መጠኑ የተሰላው በአቅራቢያ ባለ ከተማ ከተሠራ የቀድሞ ጥናት የ23 በመቶ ስርጭት ተወስዶ ነው እንበል። ያ ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ እርማት አወጣ፤ በሰንጠረዡ አንድ የዕድሜ ክፍል ተዘሎ ስለነበር ትክክለኛው ስርጭት 32 በመቶ ነው አለ። ሁላችንም የምናውቀውን ቀመር በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ ብንሠራው፦

```
n = 1.96² × 0.23 × 0.77 / 0.05² = 272.1 → 273
n = 1.96² × 0.32 × 0.68 / 0.05² = 334.4 → 335
```

ምላሽ ለማይሰጡ 10 በመቶ ስንጨምር በአሮጌው ቁጥር 301፣ በታረመው 369 ይሆናል። እኛ 301 ሰው መርጠን 288ቱ መልሰውልናል፤ መረጃ መሰብሰቡም አልቋል። አሁን ምን ይደረጋል?

የናሙና ስሌቱ ክፍል ላይ ቁጥሩን በታረመው ቀይሮ 369 እንዳቀድን አስመስሎ መጻፍ አይቻልም፤ የሆነውን አይገልጽምና። የሚጻፈው ስሌቱ በታቀደበት ጊዜ በታተመው 23 በመቶ መሠራቱና ምንጩ በኋላ ወደ 32 በመቶ መታረሙ ነው፤ ሪፈረንሱም እርማቱን ጨምሮ ይጠቀሳል። ጉዳቱም ያን ያህል አይደለም። በእኛ ጥናት ስርጭቱ 30 በመቶ ሆኖ ተገኝቶ ከሆነ በ288 ሰው የስህተት ህዳጉ 5.3 በመቶ ገደማ ነው፤ ካቀድነው 5 በመቶ ብዙ አልራቀም። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ገልጸን እናልፋለን። ገምጋሚው ራሱ ፈልጎ ከሚያገኘው እኛ ብንነግረው ይሻላል።

ከባዱ ነገር ያለው ናሙናው ላይ አይደለም፤ የውይይቱ ክፍል ላይ ነው። የእኛ 30 በመቶ፣ ከነህዳጉ ከ24.7 እስከ 35.3 የሚደርስ፣ ከአሮጌው 23 በመቶ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ በውይይቱ «ግኝታችን ከቀድሞው ጥናት ይበልጣል፤ ይህም በከተማ መስፋፋት፣ በአመጋገብ ለውጥና በእንቅስቃሴ ማነስ ሊሆን ይችላል» የሚል አንድ አንቀጽ ሙሉ ጽፈናል። የታረመው 32 በመቶ ግን በእኛ ህዳግ ውስጥ ይወድቃል። ልዩነት የለም። የሌለ ልዩነትን ምክንያት የሚያብራራው ያ አንቀጽ፣ አብረውት ከመጡት ሦስት ወይም አራት ሪፈረንሶች ጋር፣ መነሻው ጠፋ። አንቀጹ ይወጣና በምትኩ ግኝቱ ከቀድሞው ጋር ተቀራራቢ መሆኑ ይጻፋል። አጭር እርማት ነበር፤ አንዲት ቁጥር። ነገር ግን መደምደሚያችን ውስጥ «እየጨመረ ነው» የሚል ቃል ካለ እሱንም ይዞ ይሄዳል።

ለዚህ ነው ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያለብን። አብዛኛው እርማት የጸሐፊ ስም ወይም የተቋም አድራሻ ነው፤ እሱ ዓረፍተ ነገራችንን አይነካም። ልዩነቱን ግን ከርዕሱ ማወቅ አይቻልም፤ ሁሉም «እርማት» ብቻ ነው የሚለው። ያነበብነው ማስታወቂያ የተጠቀምንበትን ቁጥር፣ ሰንጠረዥ ወይም ዘዴ ይነካል ወይ ብለን መጠየቅ ነው። ካልነካ ሪፈረንሱ ባለበት ይቀጥላል።

የክለሳ ጽሑፎች ነገርም አለ። የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የሚደምር ክለሳ ከጠቀስን፣ ከደመራቸው ጥናቶች አንዱ ቢሻር ክለሳው ራሱ ብዙ ጊዜ ምልክት አይደረግበትም። ዞቴሮም ፐብሜድም ዝም ይላሉ። ሁሉንም ክለሳ እንዲህ መፈተሽ አይቻልም፤ የረቂቃችን ዋና ሐሳብ የቆመበት አንድ ወይም ሁለት ክለሳ ካለ ግን የተካተቱ ጥናቶችን ሰንጠረዥ ከፍተን እነዚያን ብቻ በ`retractiondatabase.org` ላይ በዲኦአያቸው መፈለግ ተገቢ ነው። የተሻረው ጥናት በድምሩ ውስጥ ትንሽ ክብደት ካለው ነገሩ ቀላል ነው። ግማሹን ከያዘ ሌላ ክለሳ ፈልጉ።

ጽሑፉ የጋራ መሆኑንም አንርሳ። የተሻረው ጥናት አማካሪያችሁ እንድታነቡት የመከሯችሁ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አብሮ ጸሐፊ በኋላ ያስገባው። ሳትነግሩ አታውጡት፤ የሚቀጥለው ረቂቅ ላይ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። የማስታወቂያውን ሊንክና የተነካውን ዓረፍተ ነገር አያይዛችሁ አጭር መልእክት ላኩ። «ዶክተር፣ ሪፈረንስ 17 በሰኔ 2020 ተሽሯል፤ ማስታወቂያውን አያይዤልዎታለሁ። በመግቢያው ሁለተኛ አንቀጽ ያለውን ዓረፍተ ነገር በዚህ መልክ ልቀይረው አስቤያለሁ፤ ይዩልኝ» ማለት በቂ ነው። ስለ ጥናቱ ጸሐፊዎች ጠባይ መተንተን አያስፈልግም፤ ማስታወቂያው ያላለውን እኛም አንል።

የፍተሻውን ቀን በማስታወሻ ያዙት። ጽሑፉ ከተላከ በኋላ ግምገማው ወራት ይወስዳል፤ የተሻሻለውን ረቂቅ ስትመልሱና የመጨረሻው ማረሚያ ቅጂ ሲደርሳችሁ ዞቴሮውንና የፐብሜዱን ፍለጋ እንደገና አስኬዱት። ዲኦአዮቹ አንዴ ከተስተካከሉና የፍለጋው መስመር ከተቀመጠ ይህ የሁለተኛ ጊዜ ሥራ ሩብ ሰዓት አይሞላም። በማረሚያው ቅጂ ላይ የተሻረ ጥናት ካገኛችሁ ለአዘጋጁ በዚያው ቀን ጻፉ፤ ከመታተሙ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር መቀየር ይቻላል፣ ከታተመ በኋላ ግን እርማት የሚያወጣው የእናንተ ጽሑፍ ይሆናል።